ባለ ሁለት ገጹን የፈንድ መረጃ ወረቀት እንዴት ታነቡታላችሁ? የ10 ዓመቱ ቁጥር ግራ አጋብቶኛል

የቨርጂኒያው

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው በአሜሪካ በቨርጂኒያ ነው፤ ዕድሜዬ 49 ሲሆን ለ11 ዓመት በአንድ ሆስፒታል የዕቃ ግምጃ ቤት ሠርቻለሁ። ከደመወዜ እየተቆረጠ የሚቀመጥ የፎር ኦ ዋን ኬ የጡረታ ቁጠባ አለኝ፤ ገንዘቡ ምን ውስጥ እንደገባ ግን እስካለፈው ዓመት ድረስ ጠይቄ አላውቅም ነበር። አሁን 60 በመቶው የ500 ያህል ትልልቅ የአሜሪካ ኩባንያዎች መለኪያ የሆነውን ኤስ ኤንድ ፒ 500ን በሚከተል ኢንዴክስ ፈንድ ውስጥ፣ 40 በመቶው ደግሞ ስሙ ላይ «ዕድገት» የሚል ቃል ባለበት የትልልቅ ኩባንያዎች ፈንድ ውስጥ ነው። ለሁለት የከፈልኩት አንዱ ቢወድቅ ሌላው ይይዘኛል ብዬ ነው።

የሁለቱን ፈንዶች የመረጃ ወረቀት ከድረ ገጹ አውርጄ አትሜያለሁ። ሁለቱም እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 31 ቀን 2024 የሚል ቀን አላቸው። የኢንዴክስ ፈንዱ ሠንጠረዥ የ1 ዓመት ውጤት 25.0 በመቶ፣ የ3 ዓመት 8.9፣ የ5 ዓመት 14.5፣ የ10 ዓመት 13.1 ይላል። የዕድገቱ ፈንድ የ10 ዓመት ውጤት ደግሞ ከ16 በመቶ በላይ ነው።

ጥያቄዎቼ ሁለት ናቸው። ከሠንጠረዡ በታች ያሉት የየዓመቱ ዘንጎች ለ2022 ከዜሮ በታች 18.1፣ ለ2023 26.3፣ ለ2024 25.0 ያሳያሉ፤ እነዚህን ደምሬ ለሦስት ሳካፍላቸው 11 በመቶ ሲሆኑ ወረቀቱ ለምን 8.9 ይላል? ሁለተኛው፣ የ10 ዓመቱ ቁጥር ይህን ያህል ከበለጠ ሁሉንም ገንዘብ ወደ ዕድገቱ ፈንድ ባዛውረው ምን እሳሳታለሁ?

ባለ ታክሲው

ወንድሜ፣ እኔ ከአንተ በፊት በዚህ መንገድ ሄጃለሁና የማውቀውን ልንገርህ። የ1 ዓመቱን ቁጥር እርሳው፤ አንድ ዓመት ዕድል ነው። የ10 ዓመቱ ግን አይዋሽም፣ ምክንያቱም በ10 ዓመት ውስጥ ክፉውም ደጉም ዓመት ገብቶ ተመዝኗል። ሌላው፣ ወረቀቱ አናት ላይ የአንዱ ድርሻ ዋጋ ተጽፏል። የአንዱ 40 ዶላር የሌላው 500 ዶላር ከሆነ፣ ብዙ ድርሻ የምታገኝበትን ርካሹን ግዛ። ስለ 8.9ኙ እኔም ገርሞኛል፤ ምናልባት ክፍያቸውን ቀንሰው ይሆናል።

የሒሳብ ክፍሏ

ባለ ታክሲው የ1 ዓመቱን ቁጥር እርሳው ማለታቸው ትክክል ነው። በሌሎቹ ነጥቦች ግን አልስማማም። እኔ ለብዙ ዓመታት የጡረታ ዕቅዶችን መዝገብ ከሚይዙ ሰዎች ጋር ሠርቻለሁ፤ ይህ ጥያቄ በየዓመቱ ይመጣል።

የድርሻው ዋጋ ምንም አይነግረንም። 1,000 ዶላር ይዞ የገባ ሰው የያዘው ድርሻ 25 ይሁን 2፣ ፈንዱ 10 በመቶ ሲያድግ እጁ ላይ የሚኖረው 1,100 ዶላር ነው።

የ3 ዓመቱን ልዩነት ደግሞ በገንዘብ ብናየው ወዲያው ይገባናል። በ2022 መጀመሪያ ላይ 10,000 ዶላር ነበረዎት እንበል። 18.1 በመቶ ሲቀነስ 8,190 ቀረ። በ2023 የመጣው 26.3 በመቶ የተሰላው በቀረው 8,190 ላይ እንጂ በቀድሞው 10,000 ላይ ስላልሆነ 10,344 ገደማ ሆነ። በ2024 25 በመቶ ሲጨመርበት 12,930 ደረሰ። አሁን ጥያቄው «10,000 በሦስት ዓመት 12,930 እንዲሆን በየዓመቱ እኩል ስንት በመቶ ማደግ ነበረበት?» የሚል ነው፤ መልሱም 8.9 ነው። የደመሩት 11 ስሌቱ ባይሳሳትም ኪስ ውስጥ ያልገባ ቁጥር ነው። ልዩነቱ የመጣው ከክፍያ አይደለም፤ መጀመሪያ ላይ የወደቀው ዓመት ቀጣዮቹ ዓመታት የሚያድጉበትን መሠረት ስላሳነሰው ነው። ዘንጎቹ ወደ ላይና ወደ ታች በተንዘፈዘፉ ቁጥር በሁለቱ አማካዮች መካከል ያለው ርቀት ይሰፋል።

«የ10 ዓመቱ ቁጥር አይዋሽም» ስለሚለው ግን ትንሽ ረዘም አድርጌ ልጻፍ፤ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በ2017 መጨረሻ የታተመ የኤስ ኤንድ ፒ 500 ወረቀት የ10 ዓመት ውጤቱ 8.5 በመቶ ነበር። በቀጣዩ ዓመት በ2018 ገበያው 4.4 በመቶ ወደቀ። ታዲያ በ2018 መጨረሻ የታተመው ወረቀት የ10 ዓመቱን ውጤት ስንት ብሎ የጻፈ ይመስላችኋል? 13.1 በመቶ። ገበያው በወደቀበት ዓመት የ10 ዓመቱ ውጤት ከአራት ነጥብ በላይ ጨመረ ማለት ነው። ፈንዶቹ አዲስ ጥበብ ስላገኙ አልነበረም። የ10 ዓመቱ መስኮት በየዓመቱ አንድ እርምጃ ወደፊት ሲራመድ ከኋላው አንድ ዓመት ይጥላል፤ በዚያ ዓመት የጣለው 37 በመቶ የወደቀውን 2008ን ነበር።

እርስዎ የያዙት የ2024 መጨረሻ ወረቀት መስኮቱ ከ2015 ይጀምራል። 2008 በዚያ ውስጥ የለም፤ 15 ዓመት ወደኋላ የሚያሳይ ወረቀት ቢያገኙም ከ2010 ስለሚጀምር አሁንም የለም። ስለዚህ እኔ ወረቀት ሳነሣ መጀመሪያ የማየው የየዓመቱን ዘንጎች ነው፤ ከዚያም የዘንጎቹን የመጀመሪያ ዓመት አይቼ ከእሱ በፊት የነበረው ዓመት ምን እንደነበር እጠይቃለሁ።

አዲስ አበቤ

የፈንድ ነገር ካነሣችሁ እኔም ልጠይቅ። እኔ ከውጭ ሆኜ በአንድ የኢትዮጵያ ባንክ አክሲዮን አለኝ፤ በየዓመቱ የትርፍ ድርሻ ይደርሰኛል። በአዲሱ የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ መሸጥ ይቻላል ሲባል ሰማሁ። ይህም እንደ ፈንድ ይቆጠራል? ወረቀቱንስ ከየት አገኛለሁ?

የሒሳብ ክፍሏ

አዲስ አበቤ፣ የእርስዎ የአንድ ኩባንያ አክሲዮን እንጂ ፈንድ አይደለም። ለእርስዎ የሚያስፈልገው የባንኩ የኦዲት ሪፖርት ነውና ቢፈቅዱ ለብቻው ክር ይክፈቱለት፤ እዚህ ከተቀላቀለ ሁለቱም ይጠፋሉ።

እናት ዓለም

እኔ ስለ ውጤቱ ሳይሆን ስለ ስጋቱ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። የምኖረው ዴንቨር ነው። በ2021 መጨረሻ 61 ዓመት ሲሞላኝ፣ ጡረታ እየቀረበ ነው ብዬ ከአክሲዮን ወጥቼ 60,000 ዶላር ወደ ቦንድ ፈንድ አዛወርኩ። ያን ጊዜ ወረቀቱን አንብቤዋለሁ፣ ሳላነብ አልገባሁም። ከላይ በቀኝ በኩል «ስጋት» የሚል አግድም መስመር ነበር፤ ጥቁር ነጥቧ ከግራ ጫፍ ብዙም ሳትርቅ «ዝቅተኛ» የሚለው ላይ ነበረች። በዘንጎቹም ላይ ከዜሮ በታች የወረደ ዓመት የለም ማለት ይቻላል፤ የወረደውም አንድ ወይም ሁለት በመቶ ነበር። በ2022 መጨረሻ ሒሳቤን ስከፍት 52,000 ዶላር ገደማ ጠበቀኝ። ደውዬ ስጠይቅ «ወረቀቱ ላይ ያለፈው ውጤት ለወደፊቱ ዋስትና አይሆንም ተብሎ ተጽፏል» አሉኝ። እውነት ነው፣ በትንንሽ ፊደል ተጽፏል። የእኔ ጥያቄ ግን ያን ቀን ወረቀቱን በትክክል የሚያነብ ሰው ቢሆን ኖሮ ይህን ማየት ይችል ነበር ወይ ነው።

የሒሳብ ክፍሏ

እናት ዓለም፣ ስለደረሰብዎ አዝናለሁ። ለጥያቄዎ መልሴ ከፊሉን ማየት ይቻል ነበር የሚል ነው። ይህንንም የምለው እርስዎን ለመውቀስ አይደለም።

የስጋቱ መስመር ላይ ያለችው ነጥብ የምትቀመጠው በአብዛኛው ፈንዱ ባለፉት ዓመታት ምን ያህል ወደላይና ወደታች እንደተወዛወዘ ተሰልቶ ነው። የአሜሪካ ቦንዶች ደግሞ ለረጅም ጊዜ ብዙም አልተወዛወዙም። ሰፊው የአሜሪካ የቦንድ ኢንዴክስ ከ1976 ጀምሮ ባለው መዝገብ፣ እስከ 2021 መጨረሻ ድረስ ከሁሉ የከፋ ዓመቱ 1994 ሲሆን የወደቀውም 3 በመቶ ገደማ ነበር። ነጥቧ «ዝቅተኛ» ላይ መሆኗ ስለዚህ ውሸት አልነበረም፤ የምታየው ግን ኋላዋን ብቻ ነበር። በ2022 ያው ኢንዴክስ 13 በመቶ ወደቀ።

ወደፊት የሚያይ ቁጥር በዚያው ወረቀት ሁለተኛ ገጽ ላይ፣ ፈንዱ የያዛቸው ነገሮች በሚዘረዘሩበት ክፍል ነበር። «አማካይ ዱሬሽን» የሚል መስመር ይኖራል፤ በዓመት ይለካል፣ ያን ጊዜ ለእንዲህ ዓይነት ፈንድ ከ6 ዓመት ተኩል እስከ 7 ዓመት ይጠጋ ነበር። አጠቃቀሙ ቀላል ነው። የገበያው ወለድ በ1 ነጥብ ሲጨምር ፈንዱ የያዛቸው አሮጌ ቦንዶች ዋጋ በዱሬሽኑ ቁጥር ያህል በመቶ ይወርዳል፤ አዲስ ቦንድ የተሻለ ወለድ እየከፈለ ማንም የድሮውን በቀድሞ ዋጋው አይገዛምና። በ2022 የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ ወለዱን ከዜሮ አካባቢ አንሥቶ ከ4 በመቶ በላይ አደረሰው፤ የ10 ዓመት የመንግሥት ቦንድ ወለድም ከ1.5 ወደ 3.9 በመቶ ገደማ ወጣ። ይህ የ2.4 ነጥብ ጭማሪ በ6.6 ሲባዛ ወደ 16 በመቶ ይጠጋል፤ ዓመቱን ሙሉ የተከፈለው ወለድ ጥቂቱን ይመልሳል፣ ሁሉም ቦንዶች እኩል አልተነኩም፣ ስለዚህ ውጤቱ 13 ላይ አረፈ።

ወለዱ ይህን ያህል እንደሚወጣ ወረቀቱ አልነገረዎትም፤ ማንም አልነገረንም። ነገር ግን ወረቀቱ «ወለድ 2 ነጥብ ቢወጣ 13 በመቶ አጣለሁ» ብሎ አስቀምጦ ነበር። በዚያው ገጽ «ወለድ ስንት ነው» የሚለውም መስመር ምናልባት 1.5 በመቶ ገደማ ይል ይሆናል፤ ጉድጓዱን ሊሞላ የሚችለው ትራስ ያን ያህል ስስ ነበር።

ከስቶክሆልም

ስጋቱን በተመለከተ እኔም የገረመኝ ነገር አለ። እኛ አውሮፓ ውስጥ ስጋቱ ከ1 እስከ 7 ባለው ቁጥር ይጻፋል፤ የእኔ ዓለም አቀፍ የአክሲዮን ፈንድ ለዓመታት 6 ነበር። በ2023 መጀመሪያ አዲሱ ወረቀት ሲመጣ 4 ሆነ። ባለቤቴ «ፈንዱ ተረጋግቷል» ብሎ ተጨማሪ ገንዘብ አስገባበት። የያዛቸውን ኩባንያዎች ከአሮጌው ወረቀት ጋር ሳስተያይ ግን ምንም የተለወጠ ነገር አላገኘሁም። ምን ተፈጥሮ ነው?

የሒሳብ ክፍሏ

እህቴ፣ የተለወጠው ሚዛኑ ነው። በአሮጌው የአውሮፓ ወረቀት ዓመታዊ ውዝዋዜው ከ15 እስከ 25 በመቶ የሆነ ፈንድ 6 ይሰጠው ነበር። በአዲሱ አሠራር ደግሞ ከ12 እስከ 20 ያለው 4 ይባላል። ውዝዋዜው 17 በመቶ የሆነ ፈንድ አንድም አክሲዮን ሳይሸጥ ሳይገዛ ከ6 ወደ 4 ይወርዳል። ስለዚህ አሮጌና አዲስ ቁጥር አይወዳደሩም፤ በአንድ ቀን የወጡ የሁለት ፈንዶች ቁጥሮች ግን ይወዳደራሉ። በአሜሪካ ደግሞ እንዲህ ያለ በሕግ የተደነገገ የ1 እስከ 7 ሚዛን የለም፤ እናት ዓለም ያዩት መስመር የኩባንያው የራሱ ሥዕል ነው፤ የአንዱን ኩባንያ ሥዕል ከሌላው ጋር ማስተያየትም አይቻልም።

ባለ ታክሲው

እንግዲህ የ10 ዓመቱም ቁጥር አይታመንም፣ የስጋቱም ነጥብ አይታመንም ከተባለ ወረቀቱን ቀድደን እንጣለው እንዴ? ስለ ድርሻው ዋጋ ተሳስቻለሁ፣ ተቀብያለሁ። ነገር ግን ጠያቂው ወንድማችን የዕድገቱ ፈንድ በ10 ዓመት ውስጥ ኢንዴክሱን መብለጡን በዓይኑ እያየ ነው። ይህ ከንቱ ነው ማለት ይከብደኛል።

የሒሳብ ክፍሏ

አልቀድድም። ወደ የቨርጂኒያው ሁለተኛ ጥያቄ ልመለስና ያችኑ ወረቀት እንጠቀምባት። እባክዎ ሁለት ነገር ይጻፉልን፤ የዕድገቱ ፈንድ ዘንግ በ2022 ስንት ነበር? በሁለቱም ወረቀቶች ሁለተኛ ገጽ ላይ ከተዘረዘሩት አሥር ትልልቅ ኩባንያዎች የመጀመሪያዎቹ ሦስቱስ እነማን ናቸው፣ ከነመቶኛቸው?

የቨርጂኒያው

በ2022 የዕድገቱ ፈንድ ከዜሮ በታች 29 ነው። ሦስቱ ኩባንያዎች በኢንዴክስ ፈንዱ አፕል 7.6፣ ኒቪዲያ 6.6፣ ማይክሮሶፍት 6.3 ናቸው። በዕድገቱ ፈንድ ደግሞ አፕል 11.2፣ ኒቪዲያ 10.3፣ ማይክሮሶፍት 10.1። አሁን ስጽፈው ነው ስሞቹ አንድ መሆናቸውን ያስተዋልኩት። አራተኛውም በሁለቱም አማዞን ነው።

የሒሳብ ክፍሏ

አመሰግናለሁ። ሁለቱን ሦስቶች እንደምራቸው። በኢንዴክሱ 20.5፣ በዕድገቱ 31.6 ይሆናሉ። ከገንዘብዎ 60 በመቶው በመጀመሪያው ስለሆነ 20.5ን በ0.6 ስናባዛ 12.3፤ 40 በመቶው በሁለተኛው ስለሆነ 31.6ን በ0.4 ስናባዛ 12.6። ድምሩ 24.9 ነው። ለሁለት የከፈሉት ገንዘብ አንድ አራተኛው በሦስት ኩባንያዎች ውስጥ ተቀምጧል፤ ኢንዴክሱን ብቻ ቢይዙ ኖሮ አንድ አምስተኛው ነበር። ሁለተኛው ፈንድ ሲጨመር ገንዘቡ ከመበተን ይልቅ ይበልጥ ተሰበሰበ ማለት ነው።

«አንዱ ቢወድቅ ሌላው ይይዘኛል» የሚለውን ደግሞ የ2022 ዘንጎች መልሰውታል። ኢንዴክሱ 18 ሲወድቅ ሌላው ሊይዝዎት ቀርቶ በ29 ወደቀ። 18 የወደቀ ገንዘብ ወደነበረበት ለመመለስ 22 በመቶ መውጣት ይበቃዋል፤ 29 የወደቀ ግን 41 በመቶ መውጣት አለበት። ሁለት ፈንዶች መደጋገፋቸውን ለማወቅ በስማቸው ሳይሆን ዘንጎቻቸውን ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ በአንዱ ክፉ ዓመት ሌላው የት እንደነበረ ማየት ይሻላል።

ባለ ታክሲው፣ የዕድገቱ ፈንድ መብለጡ ከንቱ ነው አላልኩም። ግን ለምን በለጠ? ሁለተኛው ገጽ ይነግረናል፤ በዚህ 10 ዓመት በጣም ያደጉትን ጥቂት ኩባንያዎች በብዛት ስለያዘ ነው። ያው ዓይነት ፈንድ ሌላ 10 ዓመት ላይ ሌላ መልክ ነበረው። ከ2000 እስከ 2009 ባሉት ዓመታት ኤስ ኤንድ ፒ 500 የትርፍ ድርሻው ተጨምሮበት እንኳ በዓመት በአማካይ ወደ 1 በመቶ የሚጠጋ ከሰረ፤ የዕድገት ኩባንያዎች ኢንዴክስ በዓመት ወደ 4 በመቶ ነበር የከሰረው። በ1999 መጨረሻ የዕድገት ፈንድ ወረቀት ያነበበ ሰው ከእርስዎ የበለጠ ያማረ የ10 ዓመት ቁጥር ነበር ያየው።

ባለ ታክሲው

የዛሬዎቹ ኩባንያዎች እኮ የ1999ኞቹ አይደሉም። ያን ጊዜ ትርፍ የሌላቸው ድርጅቶች ነበሩ፤ እነዚህ ግን የሚያተርፉ ናቸው። እኔ የእኔን እዚያው አቆየዋለሁ።

የሒሳብ ክፍሏ

ሊሆን ይችላል። በ1999 ከላይ የነበሩት ማይክሮሶፍትና ሲስኮም የሚያተርፉ ነበሩ፤ የወደቁት ዋጋቸው ከትርፋቸው ጋር ሲነጻጸር እጅግ ስለተጋነነ ነበር። አሁን ምን እንደሚሆን ግን ወረቀቱም አይነግረንም፣ እኔም አልነግርዎትም።

እናት ዓለም

የድሮውን ወረቀት ከፋይል ውስጥ አወጣሁት። ሁለተኛ ገጽ፣ ከታች፣ በግራ ዓምድ፤ አማካይ ዱሬሽን 6.7 ዓመት። ያን ጊዜ አይቼው «ቦንዶቹ የሚያልቁበት ጊዜ ነው» ብዬ አልፌው ነበር። ከአጠገቡ ያለው ወለድ 1.6 ነው። አሁን የያዝኩት ፈንድ የቅርብ ወረቀት ዱሬሽኑን 6.1፣ ወለዱን 4.8 ይላል።

የሒሳብ ክፍሏ

ዱሬሽኑ ብዙም ሳይርቅ ትራሱ በሦስት እጥፍ ወፍሯል። ወለድ በአንድ ዓመት ውስጥ 1 ነጥብ ቢወጣ 6 ያህል ያጡና 4.8ቱ አብዛኛውን ይመልስልዎታል። በ2021 ይህ አልነበረም።

የቨርጂኒያው

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሁሉንም ወደ ዕድገቱ የማዛወሩን ሐሳብ ትቼዋለሁ፤ 40 በመቶው ግን እዚያው ይቆይ ወይስ ይቀነስ የሚለውን ገና አልወሰንኩም። በዕቅዱ ዝርዝር ውስጥ 2040 የሚል ዓመት የተጻፈበት ፈንድም አለ። ወረቀቱን ከፍቼ የያዛቸውን ነገሮች ስፈልግ ኩባንያ የለም፤ የሌሎች አራት ፈንዶች ስም ብቻ ነው የተዘረዘረው። ይህን እንዴት ነው የሚያነቡት? የአራቱንም ወረቀት ለየብቻ ማውረድ አለብኝ?

ከስቶክሆልም

እኔም ይህንኑ መልስ እጠብቃለሁ። ባለቤቴ ይህን ክር ካነበበ በኋላ አሮጌውንና አዲሱን ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ዝም ብሎ እያያቸው ነው።

የሒሳብ ክፍሏ

አዎ፣ አራቱንም። ነገር ግን መጀመሪያ ከአራቱ ጎን የተጻፈውን መቶኛ ይዩ፤ ትልቁ የአሜሪካ ሰፊ የአክሲዮን ፈንድ ከሆነ አፕልና ኒቪዲያ እዚያም ውስጥ አሉ። የአራቱን መቶኛ እዚህ ይለጥፉና ነገ ማታ ከሥራ ስመለስ አብረን እናሰላዋለን።